በሥራ ቦታ እውነትን በመያዝ ስለታጣ ዕድገት የሚጻፍ የስኮላርሺፕ የግል መግለጫ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አመልካቾች ረቂቃቸውን ይዘው ሲመጡ ደጋግመው የሚጠይቁኝ እነዚህን ነው፤ በመልሶቹ ውስጥ የምጠቀምበት የንብረት ክፍል ባለሙያዋ ታሪክ ከብዙ ረቂቆች ተውጣጥቶ ለምሳሌነት የተቀናበረ ነው።

እንዲህ ያለ ታሪክ ለስኮላርሺፕ ማመልከቻ ይሆናል?

ይሆናል፤ የሚገባበት ቦታ ግን እንደየስኮላርሺፑ ይለያያል። ፉልብራይት የግል መግለጫንና የጥናት ዓላማን ለየብቻ ይጠይቃል። ታሪኩ የግል መግለጫው ውስጥ በስፋት ይጻፋል፤ የጥናት ዓላማው ላይ ግን ከአንድ ዓረፍተ ነገር በላይ ሊወስድ አይገባም። የጀርመኑ ዳአድ የሚጠይቀው የማመልከቻ ደብዳቤ የሥራ ልምድንና የተመረጠውን ትምህርት የሚያገናኝ ስለሆነ እዚያ አንድ አንቀጽ ይበቃዋል።

ቼቭኒንግ ለብቻው መታየት አለበት። አንድ ወጥ መግለጫ አይጠይቅም፤ ስለ አመራር፣ ስለ ሙያ ግንኙነት፣ ስለ ትምህርት ምርጫና ስለ ሥራ ዕቅድ የተለያዩ ጥያቄዎች ያቀርባል። ብዙዎች ይህን ታሪክ ለአመራሩ ጥያቄ ያውሉታል። ነገር ግን «አልፈርምም» ማለት ብቻውን አመራር አይደለም። ሌላ ሰው ሐሳቡን እንዲለውጥ ወይም አንድ አሠራር እንዲስተካከል ያደረጉት ነገር ከሌለ ለዚያ ጥያቄ ሌላ ታሪክ ይፈልጉ።

ሐቀኛ መሆኔን ካሳየሁ አይበቃም?

አይበቃም። ራሱን ሐቀኛ ብሎ የማይገልጽ አመልካች የለም። ገምጋሚው የሚፈልገው ሁለት ተገቢ የሚመስሉ ነገሮች ሲጋጩ እንዴት እንዳሰቡ ማየት ነው። አንዱ ወገን ጥርት ያለ ክፋት፣ ሌላው ጥርት ያለ ጽድቅ ከሆነ ውሳኔው አላስቸገረም ማለት ነው፤ ስለ አእምሮዎም የሚነግረው ነገር አይኖርም።

ምሳሌያችንን እንውሰድ። ባለሙያዋ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ዕቃ ግምጃ ቤት ትሠራለች። መሥሪያ ቤቱ 30 ኮምፒውተሮች ገዝቷል፤ ሰኔ 28 ቀን የገቡት 11 ብቻ ናቸው። አቅራቢው ቀሪዎቹ 19 በቅርቡ እንደሚመጡ ይናገራል። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ያበቃል፤ ዕቃው መግባቱን የሚያሳይ ሰነድ ከሌለ የ19ኙ ገንዘብ ለመንግሥት ካዝና ይመለሳል፤ በመሥሪያ ቤት ቋንቋ በጀቱ «ይቃጠላል»። ኃላፊዋ ሠላሳውም እንደገቡ አድርጋ ሞዴል 19 የተባለውን የዕቃ መረከቢያ ሰነድ እንድትቆርጥ ይጠይቋታል። ለራሳቸው አንዲት ሳንቲም የሚያገኙበት ነገር የለም፤ ሠራተኞቻቸው ኮምፒውተር እንዲያገኙ ይፈልጋሉ። እሷ ያልቆጠረችውን ዕቃ ተቀብያለሁ ብላ መፈረም አልፈለገችም፤ በ11 ብቻ ሰነዱን ቆረጠች። ከሁለት ወር በኋላ የቡድን መሪነቱ ቦታ ለሌላ ሰው ተሰጠ።

ይህ ታሪክ ጥሩ የሆነው ኃላፊው ሌባ ስላልሆኑ ነው። የእርስዎ ታሪክ ውስጥም እንዲህ ያለ ነገር ካለ አይሸሽጉት፤ ጽሑፉን የሚያቆመው እሱ ነው።

ከየት ልጀምር?

ውሳኔው ከተወሰነበት ሰዓት። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ብለው የሚጀምሩ፣ ወላጆቻቸው በሐቀኝነት እንዳሳደጓቸው አንድ አንቀጽ ሙሉ የሚተርኩ ረቂቆች ብዙ ናቸው። ተረቱ ውብ ነው፤ ነገር ግን የታሪኩን መጨረሻ ገና ከመነሻው ይናገራል፤ አንባቢው ውሳኔው ላይ ሲደርስ የሚጠብቀው ነገር አይኖረውም።

የባለሙያዋ መክፈቻ በአማርኛ ቢነበብ እንዲህ ያለ ነው፦ «በጀት ዓመቱ ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው የመሥሪያ ቤታችን ኃላፊ የሠላሳ ኮምፒውተሮች መረከቢያ ሰነድ እንዳዘጋጅ ጠየቁኝ። ግምጃ ቤቱ ውስጥ አሥራ አንድ ነበሩ።» ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው፤ አንባቢው ግን ችግሩ ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ቀጥሎ ምን እንደሆነም ማወቅ ይፈልጋል። ሐቀኝነት የሚለው ቃል አንድም ጊዜ አልተነሣም።

ከዚያ በኋላ ግሦችዎን ይፈትሹ። በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ አጻጻፍ ስለለመድን «ተወሰነ»፣ «ተገለጸ»፣ «ሳይፈረም ቀረ» እያልን አድራጊውን እንሰውራለን፤ «እኔ» ማለትም እንደ ጉራ ስለሚታይ ወደ «እኛ» እንሸሻለን። የግል መግለጫ ላይ ይህ ይጎዳል። ማን ጠየቀ፣ ማን እምቢ አለ፣ ማን ምን አማራጭ አቀረበ የሚለው ካልተለየ ገምጋሚው የእርስዎን ድርሻ ሊመዝን አይችልም።

ሞዴል 19ንና ሰኔ 30ን የማያውቅ የውጭ አገር አንባቢ እንዴት ይረዳኛል?

የሰነዱን ስም ሳይሆን የሚሠራውን ሥራ ይንገሩት። «ዕቃው በእጃችን መግባቱን የማረጋግጥበትና አቅራቢው ክፍያ የሚያገኝበት ሰነድ» ካሉ ይበቃል። የፊርማው ክብደትም በዚያው ይገባዋል፦ ከፈረሙ ገንዘቡ ይወጣል፤ ዕቃው ባይመጣ ደግሞ ንብረቱ በእርስዎ ስም ተመዝግቧል።

ቀኖቹን ወደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር ይለውጡ፤ ሲለውጡም ይጠንቀቁ። ሰኔ 30 ቀን 2014 እ.ኤ.አ. ጁላይ 7 ቀን 2022 ነው። መስከረም 1 ላይ የእኛ ዓመት ሲለወጥ ልዩነቱ ከስምንት ወደ ሰባት ዓመት ስለሚወርድና ጃንዋሪ ላይ ተመልሶ ስምንት ስለሚሆን፣ በግምት የሚለውጡ ሰዎች መግለጫቸው ላይ አንድ ዓመት፣ የሥራ ማስረጃቸው ላይ ሌላ ዓመት ይጽፋሉ። ስለ እውነት በሚተርክ ጽሑፍ ላይ እንዲህ ያለ ስሕተት በጣም ያስከፍላል።

ዕድገቱን ያጣሁት በዚህ ምክንያት መሆኑን እንዴት ላረጋግጥ?

ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጡት የሚገባው ጥያቄ ይህ ነው። «እውነቱን በመናገሬ ዕድገቴን ተነጠቅሁ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ሁለት ነገሮችን በአንድ ላይ ይናገራል፦ አንድ ነገር ተፈጸመ፤ የተፈጸመውም በዚህ ምክንያት ነው። የመጀመሪያውን ያውቁታል። ሁለተኛውን አብዛኛውን ጊዜ ይገምቱታል እንጂ አያውቁትም፤ የዕድገት ኮሚቴው ቃለ ጉባኤ ላይ «ሞዴል 19 ስላልቆረጠች» ተብሎ አይጻፍምና። ገምጋሚው ይህን ያውቃል። ያላረጋገጡትን ምክንያት እንደ ሐቅ ሲጽፉ፣ ጽሑፉ የሚያወድሰውን ባሕርይ ራሱ ይጥሳል።

መፍትሔው የሚያውቁትን በቅደም ተከተል ማስቀመጥ ነው። ባለሙያዋ የምታውቃቸው ነገሮች አሉ። እስከዚያ ድረስ የነበረው የሥራ አፈጻጸም ውጤቷ 92 ነበር። ሐምሌ ውስጥ ኃላፊዋ የሁለተኛውን መንፈቅ ዓመት ሞሉላት፤ 76 ሆነ። «የቡድን መንፈስ» በሚለው መመዘኛ ላይ ዝቅተኛ ነጥብ ተሰጣት። ነሐሴ ላይ የቡድን መሪነቱ ቦታ በውስጥ ማስታወቂያ ወጣ፤ የአፈጻጸም ውጤት ከሚታዩት መስፈርቶች አንዱ ነበር፤ አላለፈችም።

እነዚህ ነገሮች ተከታትለው ሲጻፉ አንባቢው ራሱ ያገናኛቸዋል። እሷ የጻፈችው እንዲህ ነው፦ «ከዚያ በኋላ የተሞላው የሥራ አፈጻጸም ውጤቴ ከ92 ወደ 76 ወረደ፤ በቀጣዩ ወር ለቡድን መሪነት ተወዳድሬ አላለፍኩም። ሁለቱ እንደሚገናኙ አምናለሁ፤ የተመረጠው ባልደረባዬም ግን ብቃት ያለው ሰው ነው።» «አምናለሁ» የሚለው ቃል እዚህ ትልቅ ሥራ ይሠራል፤ እምነቷንና እውቀቷን ለይታ ማስቀመጥ እንደምትችል ያሳያል። የመጨረሻው ሐረግ ደግሞ ምሬት እንዳልያዛት ይናገራል፤ ስለ ምሬት አንድም ቃል ሳይወጣት።

ማስረጃዎ ከዚህ የሳሳ ከሆነ፣ ለምሳሌ ቦታው ቃል ተገብቶልዎት ዝም ብሎ ቢቀር፣ ያንኑ ይጻፉ፦ ቃል ተገብቶልኝ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ማንም አላነሣውም። ይህ ራሱ በቂ ነው።

ኃላፊዬን እንዴት ላቅርባቸው? ነገሩን ሙስና ብዬ ልጥራው?

የጠየቁዎት ለምን እንደሆነ፣ እሳቸው ቢያነቡት «ልክ ነው፣ ይህን ነበር ያሰብኩት» በሚሉት መንገድ ይጻፉ። በምሳሌያችን ኃላፊው ያሉት ይህ ነው፦ ኮምፒውተሮቹ መምጣታቸው አይቀርም፤ ገንዘቡ ከተመለሰ ግን ሠራተኛው ሌላ ዓመት ይጠብቃል። ይህ ሚዛን የሚደፋ ክርክር ነው። በአንድ ዓረፍተ ነገር በትክክል ሲቀርብ የእሷ እምቢታ ክብደት ያገኛል። ኃላፊው እንደ ጨካኝ ሰው ሲሣሉ ግን ገምጋሚው የሚያስበው ሌላ ነው፦ ይህች ሰው ነገ ከአስተማሪዋ ወይም ከቡድን አጋሮቿ ጋር ባትስማማ ስለ እነሱስ እንዲህ ትጽፍ ይሆን?

ሙስና የሚለውን ቃል በተመለከተ፣ በሕግ የተረጋገጠ ነገር ከሌለ አይጠቀሙበት። ያልገባን ዕቃ እንደገባ መመዝገብ ሐሰተኛ ሰነድ ማዘጋጀት ነው፤ ይህን በግልጽ መናገር ይቻላል፤ ከዚያ አልፎ ሰው መክሰስ ግን የግል መግለጫ ሥራ አይደለም። አለመፈረምና ጥቆማ መስጠትም የተለያዩ ናቸው። በአገራችን የወንጀል ምስክሮችንና ጠቋሚዎችን የሚጠብቅ ራሱን የቻለ አዋጅ አለ፤ ቁጥሩ 699/2003 ነው። ጉዳዩን ለሚመለከተው አካል ካመለከቱ ይጻፉት፤ ካላመለከቱ ግን በጽሑፉ ውስጥ ራስዎን ጠቋሚ አያድርጉ። ባለሙያዋ ለማንም አላመለከተችም፤ ፊርማዋን ብቻ ነው የከለከለችው፤ ጽሑፏም ከዚያ አላለፈም።

የመሥሪያ ቤቱን ስም ባልጠቅስ ይሻላል?

አይጥቀሱ፤ ነገር ግን ስሙን በመተው ብቻ ማንነቱ ይሰወራል ብለው አያስቡ። ከመግለጫው ጋር የሚላከው የሥራ ልምድ ዝርዝር መሥሪያ ቤቱን፣ የሥራ መደቡንና ዓመተ ምሕረቱን ይዟል። ገምጋሚው ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ስለሚያይ ታሪኩ የት እንደተፈጸመ ያውቃል። ስለዚህ መለኪያዎ ይህ ይሁን፦ የጻፍኩትን ኃላፊዬ ቢያነቡት ውሸት ነው የሚሉት መስመር አለ? ካለ ያስተካክሉት።

ከዚህ የሚብሰው የምስክር ደብዳቤ ነው። ደብዳቤውን የሚጽፉልዎት እኚሁ ኃላፊ ከሆኑና እሳቸው ስለ «ቡድን መንፈስ» ችግር ቢያነሡ፣ ገምጋሚው ሁለት የሚጋጩ ታሪኮች ይደርሱታል። ሥራዎን በቅርብ የሚያውቅ ሌላ ሰው ይምረጡ፤ በምሳሌያችን የፋይናንስ ክፍል ኃላፊው ሰነዶቿን ዓመት ከዓመት ሲቀበሉ የኖሩ ናቸው። ለመረጡት ሰው ረቂቅዎን አስቀድመው ያስነብቡ። እንዲደግሙት ሳይሆን፣ ተጠይቀው ሲናገሩ እንግዳ እንዳይሆንባቸው ነው።

ታሪኩን ልማር ከምፈልገው ትምህርት ጋር እንዴት ላያይዘው?

«ከዚህ በኋላ ሐቀኛ መሪ ለመሆን ወሰንኩ» የሚለው ማያያዣ ወደ የትኛውም ትምህርት ክፍል አይወስድም። ከውሳኔው ጀርባ ያለውን አሠራር ይመልከቱ። ባለሙያዋን ያስጨነቃት የአንድ ኃላፊ ጠባይ አልነበረም፤ ያልተጠቀሙበት በጀት የሚመለስበት ሥርዓት በዓመቱ መጨረሻ ሁሉንም ወደዚያ ፊርማ ይገፋል። ስለዚህ ጥያቄዋ የመንግሥት ፋይናንስ አስተዳደር ጥያቄ ሆነ፦ ቀሪ በጀት ወደሚቀጥለው ዓመት መሸጋገር ቢችል የሰኔው ግፊት ይቀንስ ይሆን?

ጥያቄው የእኛ አገር ብቻም አይደለም። ጄፍሪ ሊብማንና ኒል ማሆኒ የተባሉ ኢኮኖሚስቶች እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት ጥናት፣ የአሜሪካ ፌዴራል መሥሪያ ቤቶች በበጀት ዓመቱ የመጨረሻ ሳምንት ለግዥ የሚያወጡት ገንዘብ ከሌሎቹ ሳምንታት አማካይ ወደ አምስት እጥፍ እንደሚጠጋ፣ በዚያ ሰሞን የሚገቡ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ፕሮጀክቶችም ጥራታቸው ዝቅ እንደሚል አሳይተዋል። እንዲህ ያለውን ንባብ በጥናት ዓላማው ላይ ማንሣት ተገቢ ነው፤ የግል መግለጫው ላይ ግን ጥያቄው ከግምጃ ቤቱ እንዴት እንደተነሣ ማሳየት ይበቃል።

ውሳኔዬ ሌሎች ሰዎችን ጎድቶ ከሆነ ልጻፈው?

ይጻፉት። በምሳሌያችን የ19ኙ ኮምፒውተሮች ገንዘብ ተመለሰ። በአዲሱ በጀት ግዥው ሲደገም ዋጋው ጨምሮ ስለነበር በተመሳሳዩ ገንዘብ የተገዙት 14 ብቻ ሆኑ። አምስት ሠራተኞች ኮምፒውተር ሳያገኙ ቀሩ፤ አንዳንዶቹም ያኮረፉት ኃላፊውን ሳይሆን እሷን ነው። ብዙ አመልካቾች ይህን ክፍል ይቆርጡታል፤ የታሪኩን ንጽሕና የሚያጎድፍ ስለሚመስላቸው። እኔ ግን አንድ ረቂቅ ላይ መጀመሪያ የምፈልገው ይህን ነው። እውነት መያዝ ዋጋ ያስከፈለው እርስዎን ብቻ ከሆነ ጽሑፉ ስለ ራስዎ ብቻ ይሆናል። ሌላውንም ማስከፈሉን ካወቁና ከተቀበሉት፣ ውሳኔውን በሙሉ ክብደቱ እንደተሸከሙት ይታያል።

ይህን ሲጽፉ ግን ያደረጉትን ጥረትም ይጨምሩ። ባለሙያዋ እምቢ ከማለቷ በፊት ለአቅራቢው ደውላ 19ኙ እስከ ሰኔ 30 የመድረስ ዕድል እንዳላቸው ጠይቃለች፤ ኮምፒውተሮቹ የት እንዳሉ ሊነግራት አልቻለም። «የት እንዳሉ የማይታወቅ ዕቃ ተቀብያለሁ ማለት አልቻልኩም» የምትለው ዓረፍተ ነገር ከዚህ ነው የመጣችው። ያለዚህ ጥረት እምቢታው ግትርነት ይመስል ነበር።

ከዚያ በፊት እኔም እንዲህ ያለ ሰነድ ፈርሜ አውቃለሁ። ታሪኩን መተው አለብኝ?

መተው የለብዎትም፤ «በሥራ ዘመኔ ሁሉ» ብሎ መጻፍ ግን አይችሉም። ያለፈው ዓመት ሰነድ ፋይል ውስጥ አለ፤ ኃላፊዎም «አምናስ ፈርመሽ የለ እንዴ?» ብለው ጠይቀዎት ይሆናል። በብዙ መሥሪያ ቤቶች ጥቂት ቀን የሚዘገይ ዕቃን ቀድሞ መመዝገብ እንደ ተራ ነገር ስለሚቆጠር ይህ የብዙ ሰው እውነት ነው።

ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ስለ ያለፈው ምንም አለማለትና ስለ ራስ አጠቃላይ ውዳሴ አለመጻፍ ነው፤ ይህ ውሸት አይሆንም። ሁለተኛው በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናግሮ ዘንድሮ ምን እንደተለየ ማስረዳት ነው፦ ያኔ ዕቃው በር ላይ ቆሞ ነበር፤ አሁን ግን የት እንዳለ አይታወቅም። ሁለተኛው ይበልጥ ጠንካራ ነው፤ የሚሠራው ግን ልዩነቱ እውነተኛ ከሆነ ብቻ ነው። ልዩነቱ እርስዎ መለወጥዎ ብቻ ከሆነ ምን እንደለወጠዎት መናገር ይኖርብዎታል። ያንን መናገር ካልፈለጉ የመጀመሪያውን መንገድ ይያዙ።

ቃለ መጠይቅ ላይ «ዳግም ቢሆን ይህንኑ ታደርጊያለሽ?» ቢሉኝስ?

ይሉዎታል፤ ፈጥነው «አዎን» ማለት ደግሞ ደካማው መልስ ነው። ጠያቂዎቹ ከጽሑፉ ወዲህ ያሰቡበትን ይፈልጋሉ። ብዙ ጊዜ በሌላ መልክ ይመጣል፦ «የመንግሥትን ገንዘብ ያባከንሽው አንቺ አይደለሽም?» ወይም «ለምን ቀደም ብለሽ አልተናገርሽም?»

ሁለተኛው ጥያቄ ባለሙያዋን የሚነካ ነው። ግዥው የተጀመረው መጋቢት ላይ ነበር፤ አቅራቢው መዘግየቱም ግንቦት ላይ ይታወቅ ነበር። እምቢታው የመጣው ሰኔ 28 ስለሆነ ለኃላፊው የቀረላቸው ሁለት ቀን ብቻ ነው። የምትመልሰው እንዲህ ነው፦ «ፊርማውን ዛሬም አልፈርምም። ግንቦት ላይ ግን አቅራቢው እንደዘገየ በጽሑፍ አሳውቅ ነበር፤ ያኔ ቢሆን ገንዘቡን ወደ ሌላ ግዥ ለማዛወር ጊዜ ይኖር ነበር። የአቅራቢዎችን የማስረከቢያ ቀን የመከታተል ሥራ በእኔ መደብ ላይ አልተጻፈም፤ አሁን በየወሩ ዝርዝሩን ለግዥ ክፍሉ እልካለሁ።» የራስዎን መልስ ሲያዘጋጁም የቀን መቁጠሪያውን ወደ ኋላ ይግለጡና የመጀመሪያው ምልክት የታየበትን ሳምንት ይፈልጉ።